140 ገጹን ጥናት በ2 ገጽ ለኮሚቴ ማቅረብ

ጠረጴዛችሁ ላይ 140 ገጽ ሪፖርት አለ። ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጣል። ሰብሳቢው ደውለው «ይህን ሁሉ የሚያነብ የለም፤ በ2 ገጽ አድርጋችሁ አምጡልን» ይላሉ። ባሕር ዳር ውስጥ ጥናት በሚሠራበት ቢሮ የሚውል ሰው ይህን ስልክ በደንብ ያውቀዋል።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው አንድ ነው። ሪፖርቱን ከፍተን ከየምዕራፉ አንዳንድ አንቀጽ እንቀዳለን። ከመግቢያው ትንሽ፣ ከጥናት ዘዴው ትንሽ፣ ከግኝቱ ትንሽ። 2 ገጽ ሲሞላ አለቀ እንላለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሠርቻለሁ። እንዲህ የተሠራው ወረቀት ግን ማጠቃለያ አይደለም፤ ያው ሪፖርት አንሶ ነው። ሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ ያለውን አጽሕሮተ ጥናት ገልብጦ መስጠትም አያዋጣም። አጽሕሮተ ጥናት የሚጻፈው ለሌላ ተመራማሪ ነው፤ ሪፖርቱን ላንብበው ወይስ ልለፈው ብሎ እንዲወስን። የኮሚቴ አባል የሚወስኑት ግን ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ የት ይዋል፣ ሰው የት ይሰማራ፣ መቼ ይጀመር የሚለውን ነው።

ለእነዚህ አንባቢዎች የሚሆን ማጠቃለያ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ። ቁጥር ላይ ብዙ እቆያለሁ። ጥናት ከተመራማሪ እጅ ወደ ኮሚቴ ሲሻገር መጀመሪያ የሚበላሸው ቁጥሩ ስለሆነ ነው።

የምንይዘው ምሳሌ

ጉዳዩ እምቦጭ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ መግባቱ በይፋ የታወቀው በጎርጎርዮሳዊው 2011 ነው። ከዚያ ወዲህ በተለይ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለውን ሲያስቸግር ኖሯል። ሰው በዘመቻ ወጥቶ ይነቅለዋል። እሱም መልሶ ይበቅላል።

ሪፖርቱን ግን ለልምምድ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያሉት የመስክ ቁጥሮች የማንም ጥናት ውጤት አይደሉም፤ አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የገቡ ናቸው።

ሪፖርታችን እንዲህ ይላል እንበል። አጥኚዎቹ በሐይቁ ዳር 24 ቦታዎችን መረጡ። እያንዳንዱ 20 በ20 ሜትር ነው። በ12ቱ ላይ እምቦጩ አንድ ጊዜ በእጅ ተነቅሎ ተተወ። በቀሩት 12 ላይ ደግሞ ከተነቀለ በኋላ በየ14 ቀኑ፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ፣ አዲስ የበቀለው ተለቀመ። ከ12 ሳምንት በኋላ ሲለካ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በተነቀለበት ቦታ ከውኃው ገጽ 62 በመቶው ተሸፍኗል። ተመላልሰው በለቀሙት ቦታ የተሸፈነው 15 በመቶ ነው። የሪፖርቱ ዋና ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

«ተከታታይ ለቀማ የአረሙን ሽፋን ከአንድ ጊዜ ነቀላ ጋር ሲነጻጸር በ76 በመቶ በጉልህ ሁኔታ ቀንሷል (የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል፦ ከ61 እስከ 85)።»

የቀረው ገጽ ሁሉ ስለ ውኃው ጥራት፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ አረሙ ዝርያ ታሪክና ስለ ሌሎች አገሮች ልምድ ነው።

1ኛ፦ ሪፖርቱን ከመክፈት በፊት ውሳኔውን ፈልጉ

ሰብሳቢውን ደውላችሁ «ምን ይካተትልዎ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ዋና ዋናው» ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ስብሰባው ሲያልቅ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ተብሎ ሊጻፍ ይችላል?» ይህ ጥያቄ ነገሩን ወዲያው ያጠራዋል። ሰው ስለ ቃለ ጉባኤ ሲጠየቅ የሚያስበው ስለሚፈርምበት ነገር ነው።

በእኛ ምሳሌ ሰብሳቢው እንዲህ መለሱ እንበል፦ «ዘንድሮ ለ21,000 የሰው ቀን የሚበቃ የቀን አበል ተይዟል። በሰፊው ቦታ እናሰማራው ወይስ ትንሽ ቦታ ይዘን እንከታተል? የምንወስነው እሱን ነው።» የሰው ቀን ማለት አንድ ሰው አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ነው። ወረዳ ላይ የሠራ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል።

ይህን ጥያቄ በራሳችሁ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ከወረቀቱ አናት ላይ አስቀምጡ። ሥራው እስኪያልቅ ከዓይናችሁ አይጥፋ። አባላቱ እነማን እንደሆኑም ጠይቁ። የእኛ ኮሚቴ ውስጥ አርሶ አደሮች፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ መምህርትና ከፋይናንስ የመጡ ባለሙያ አሉ እንበል። እነዚህ ሰዎች ስለ እምቦጭ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ፤ በእጃቸው ነቅለውታል። የማያውቁት የስታቲስቲክሱን ቋንቋ ነው። ስለዚህ እምቦጭ ምን ያህል ጎጂ እንደሆነ ለማስረዳት አንድ መስመር እንኳ አታባክኑ።

2ኛ፦ ከመሐል አንብቡ

ሪፖርት ከፊት ወደ ኋላ ሲነበብ ደራሲዎቹ በፈለጉት መንገድ ይወስዳችኋል። እናንተ ግን ጥያቄ ይዛችኋል። መጀመሪያ የግኝቱን ሠንጠረዦች ተመልከቱ። ቀጥላችሁ የጥናቱን ውስንነት፣ ከዚያ ዘዴውን አንብቡ። ምክረ ሐሳቡን የመጨረሻ አድርጉት። ምክረ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከግኝቱ ይሰፋል። 24 ቦታ ላይ የታየውን ይዞ «ለመላው ሐይቅ» ይላል። ሠንጠረዡን አስቀድሞ ያየ ሰው ይህን ስፋት ቶሎ ይይዘዋል።

ስታነቡ አንድ ወረቀት አራት ቦታ ክፈሉ። አንደኛው ላይ ግኝቱን፣ ሁለተኛው ላይ ገጹን፣ ሦስተኛው ላይ ውሳኔውን ወዴት እንደሚያዘነብል፣ አራተኛው ላይ ደግሞ ምን ያህል እንደሚታመን ጻፉ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ሆኖ የቀረ ግኝት ማጠቃለያው ውስጥ አይገባም። ይህ መለያ ጨካኝ ነው፤ ግን ይሠራል። ከ140 ገጹ ውስጥ ስለ ዓሣው የተጻፈው ምዕራፍ በጣም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ስለ አምባዛና ስለ ቆሮሶ የሚያውቁት አስጋሪም ደስ ብሏቸው ይሰሙታል። አበሉ የት ይዋል ለሚለው ግን ምንም አይጨምርም። በሌላ ወረቀት አስቀምጡት፤ ለሌላ ስብሰባ ይሆናል።

ገጹን መጻፍ አትርሱ። ስብሰባ መሐል «ይህ የት ተጽፏል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ 140 ገጽ ማገላበጥ ያላችሁን እምነት ይጎዳል።

3ኛ፦ ቁጥሩን ወደ ኮሚቴው መለኪያ ቀይሩት

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ኮሚቴ ባዘጋጀሁት ማጠቃለያ ላይ «በ70 በመቶ ቀንሷል» የሚል ቁጥር ከሪፖርቱ እንዳለ ገልብጬ ነበር። አንድ አባል ተነሥተው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንግዲህ ሥራው ከግማሽ በላይ አልቋል ማለት ነው» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አጀንዳው አለፈ። ቁጥሩ የሁለት አሠራሮች ማነጻጸሪያ እንጂ የተሠራው ሥራ መጠን አልነበረም። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፤ የኔ ነው። ወረቀቱ ላይ ከምን አንጻር እንደቀነሰ የሚል ቃል አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ 76 በመቶውን ፍቱት። ከየት መጣ? ከ62 እና ከ15 ነው። በ62 እና በ15 መካከል ያለው ልዩነት 47 ነው። 47 የ62 ስንት እጅ ነው ሲባል 76 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ አንጻራዊ ቁጥር ነው። አንጻራዊ ቁጥር ብቻውን አይቁም። ሁለቱን መነሻ ቁጥሮች ስጧቸው፤ መቶኛውን እነሱ ባያዩትም ይቻላል። እንዲህ፦

«አንድ ጊዜ ብቻ በተነቀለበት ቦታ፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ከ10 እጅ 6 እጁ ተመልሶ ተሸፍኗል። በየ2 ሳምንቱ በተለቀመበት ቦታ የተሸፈነው ከ10 እጅ 1 እጅ ተኩል ነው።»

ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ቀነሰ» የሚለው ቃል እንደወጣ አስተውሉ። ያንን አባል ያሳሳታቸው ያ ቃል ነበር።

አሁን ደግሞ አንድ ደረጃ እንለፍ። ኮሚቴው የሚያከፋፍለው የውኃ ሽፋን አይደለም፤ የሰው ቀን ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ውስጥ የጉልበት ሠንጠረዥ ፈልጉ። በእኛ ሪፖርት አባሪው ላይ አለ። አንዱን 20 በ20 ቦታ መጀመሪያ ለመንቀል 16 የሰው ቀን ፈጅቷል። እያንዳንዱ ለቀማ ደግሞ 2 የሰው ቀን ይወስዳል፤ 6ቱ ዙር 12 ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጊዜ መንቀል 16፣ ተመላልሶ መልቀም ደግሞ 28 የሰው ቀን ነው። በአንድ ሄክታር ውስጥ እንዲህ ያሉ 25 ቦታዎች አሉ። በሄክታር ሲሰላ 400 እና 700 የሰው ቀን ይመጣል።

ያለን 21,000 ነው። ለ400 ሲካፈል 52 ሄክታር ተኩል፣ ለ700 ሲካፈል 30 ሄክታር ይደርሳል። እዚህ ላይ ብታቆሙ ኮሚቴው 52ቱን ይመርጣል። ሰፊ ነዋ። ግን ከ12 ሳምንት በኋላ ምን ይቀራል? ከ52 ሄክታር ተኩሉ ውስጥ 62 በመቶው ተመልሶ ይሸፈናል። ክፍት ሆኖ የሚቀረው 20 ሄክታር ነው። ከ30ው ውስጥ 15 በመቶው ይሸፈናል፤ ክፍት የሚቀረው 25 ሄክታር ተኩል ነው።

አሁን ኮሚቴው የሚፈልገው ቁጥር ተገኘ፦ በዚያው ጉልበት 20 ሄክታር ወይስ 25 ሄክታር ተኩል? ተመላልሶ መልቀም አሁንም ይበልጣል። ነገር ግን ብልጫው «76 በመቶ» ሲባል እንደሚሰማው ያህል ግዙፍ አይደለም። ተጨማሪው ጉልበት ከጥቅሙ ላይ ብዙ ቀንሶበታል። ይህን ሪፖርቱ የትም ላይ አይናገርም። እንዲህ ያለው ነገር የሚወጣው ቁጥሩን ወደ ሰዎቹ መለኪያ ስትቀይሩት ነው።

የመተማመኛ ክልሉን ምን እናድርገው? ብዙ ሰው «ይህ ለነሱ ይከብዳል» ብሎ ይጥለዋል። አትጣሉት፤ ቀይሩት። ከ61 እስከ 85 የሚለው፣ ተመላልሰን በለቀምንበት ቦታ የሚቀረው ሽፋን ከ9 እስከ 24 በመቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በ30 ሄክታር ላይ ሲሰላ ክፍት የሚሆነው ከ23 እስከ 27 ሄክታር ነው። ከ20 ጋር አስተያዩት። ዝቅተኛው ግምት እንኳ ከ20 ይበልጣል። ስለዚህ ለኮሚቴው «ከ23 እስከ 27 ሄክታር» ማለት ይበቃል። ክልሉ ከ15 እስከ 27 ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ነገሩ ይቀየር ነበር። ያን ጊዜ ማጠቃለያው «ጥናቱ የትኛው እንደሚሻል አይለይም» ማለት ነበረበት፤ የምክረ ሐሳቡ ምዕራፍ ምንም ይበል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህን ስሌት የሠራችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ ሪፖርቱ አይደለም። 62ቱንም እንደማይነቃነቅ አድርጋችሁ ነው ያሰላችሁት፤ እሱም የራሱ ክልል አለው። ስለዚህ ማጠቃለያው ላይ «ከሪፖርቱ ቁጥሮች ተነሥቶ የተሰላ» ብላችሁ ጻፉ። ለአጥኚዎቹም ልካችሁ አሳዩ። ሳያዩት አይውጣ።

ስለ መለኪያ ትንሽ ልጨምር። ሄክታር ለሁሉም ሰው በዓይን አይታይም። ጥማድ ለአርሶ አደሩ ይቀርባል፤ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ሄክታሩን ትቼ ጥማድ ብቻ ጽፌ አላውቅም። የእግር ኳስ ሜዳ ደግሞ ከ1 ሄክታር ያንሳል፤ 0.7 ሄክታር ገደማ ነው። «30 ሄክታር፣ ማለትም 40 የኳስ ሜዳ ያህል» ሲባል ፋይናንሱም መምህርቷም በዓይናቸው ያዩታል።

ክብደት ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። እምቦጭ ከ10 እጅ ከ9 እጅ በላይ ውኃ ነው። ተመራማሪ የአረም ክብደት ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የደረቀውን ነው፤ ለማነጻጸር ይመቸዋል። ኮሚቴው ግን መኪና የሚከራየው ለእርጥቡ ነው። ሪፖርቱ «10 ቶን» ሲል የደረቀውን ከሆነ፣ ከሐይቁ የሚወጣው ከ100 ቶን በላይ ነው። «ባዮማስ» የምትል ቃል ካገኛችሁ እርጥብ ይሁን ደረቅ ሳታረጋግጡ እንዳታልፉ።

4ኛ፦ ሁለት ዓይነት ትርጉም ያላቸውን ቃላት ልቀሙ

ከባድ ቃል ብዙም አያሳስበኝም። ያልገባው ሰው ይጠይቃል። የሚያሳስበኝ ቀላል የሚመስለው ቃል ነው፤ አንባቢው ገባኝ ብሎ ያልፈዋል።

የመጀመሪያው «ጉልህ» ነው። እኛ ቤት ጉልህ ማለት ትልቅ፣ ጎልቶ የሚታይ ማለት ነው። በስታቲስቲክስ አማርኛ ግን «ጉልህ ልዩነት» ማለት በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «በጉልህ ሁኔታ» የሚለውን ሰርዛችሁ «ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» ብላችሁ ጻፉ። የልዩነቱን መጠን በቁጥር ለብቻው አስቀምጡ። «ጉልህ ልዩነት አልታየም» የሚለውም ያሳስታል። ኮሚቴው «ልዩነት የለም» ብሎ ያነበዋል። ብዙ ጊዜ ግን ናሙናው ትንሽ ስለነበር ልዩነቱ ሊለይ አልቻለም ማለት ነው።

ሁለተኛው «ስህተት» ነው። «የስህተት መጠን 5 በመቶ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ አጥኚዎቹ 5 በመቶ ተሳስተዋል ተብሎ ይወሰዳል። «ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም በዚህ ያህል ሊለያይ ይችላል» በሉት።

ሦስተኛው «ሊሆን ይችላል» ነው። ተመራማሪ ይህን የሚጽፈው ከጥንቃቄ ነው። በስብሰባ ላይ ግን ሁለት ዓይነት ነገር ይሆናል። አንዱ ሰው «እርግጠኛ አይደሉም» ብሎ ይጥለዋል፤ ሌላው «ይሆናል» ብሎ ይይዘዋል። ምን ቢሟላ እንደሚሆን ጻፉ፤ ቃሉ አያስፈልጋችሁም።

5ኛ፦ ውስንነቱን ከመጨረሻ አውጥታችሁ ከመልሱ ጎን አስቀምጡ

በእኛ ሪፖርት 118ኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር አለች፦ ጥናቱ የተካሄደባቸው ቦታዎች በሙሉ ዙሪያቸው በመረብ ታጥረው ነበር። አጥኚዎቹ ልክ ናቸው። ከውጭ የሚገባ አረም ካለ ማነጻጸር አይቻልም። ግን ጣና መረብ የለውም። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋስ እየገፋ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይወስደዋል። ዛሬ የጸዳ ዳርቻ ነገ ጠዋት ከሌላ ቦታ በመጣ አረም ተሞልቶ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ውስንነት ውሳኔውን ይነካል። 25 ሄክታር ተኩሉ የሚገኘው አካባቢው ሲታጠር ወይም ነፋስ የማያገባበት ጥግ ሲመረጥ ነው። ስለዚህ መልሱ አጠገብ፣ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ይግባ። «የጥናቱ ውስንነት» ብላችሁ ገጹ ግርጌ ላይ ብትከቱት ማንም አያነበውም።

የውስንነት ምዕራፉ ውስጥ ሌሎችም ይኖራሉ። የፎቶግራፉ ጥራት፣ የመለኪያው ዓይነት፣ የገንዘብ እጥረት። ውሳኔውን የማይቀይሩትን ተዉ። እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ተቃራኒ ቢሆን ኮሚቴው ሌላ ይወስን ነበር? አዎ ከሆነ ይገባል።

6ኛ፦ አሁን ጻፉ

ከዚህ በኋላ መጻፉ ቀላል ነው። ቅደም ተከተሉ የሪፖርቱ ተቃራኒ ይሆናል፤ መልስ፣ ምክንያት፣ ቅድመ ሁኔታ፣ ኮሚቴው ራሱ ማየት ያለበት ነገር። ዘዴው በ2 ዓረፍተ ነገር ያልቃል። የእኛ ምሳሌ የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይሆናል፦

«ለውሳኔ የቀረበው፦ ለዘንድሮ የተያዘው 21,000 የሰው ቀን በሰፊ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ለመንቀል ይዋል ወይስ ባነሰ ቦታ ላይ ተመላልሶ ለመልቀም?

መልስ፦ ጥናቱ የሚደግፈው ባነሰ ቦታ ላይ በየ2 ሳምንቱ ተመላልሶ መልቀምን ነው። ይህ የሚሠራው ከውጭ አረም በነፋስ በማይገባበት ወይም በመረብ በታጠረ ቦታ ነው። ጥናቱ የተሠራው በታጠረ ቦታ ብቻ ነው (ገጽ 118)። ለክፍት ዳርቻ መልስ የለውም።

ምክንያቱ፦ በ21,000 የሰው ቀን 52 ሄክታር ተኩል አንድ ጊዜ መንቀል ይቻላል። ከ12 ሳምንት በኋላ ክፍት ሆኖ የሚቀረው 20 ሄክታር ያህል ነው። በዚያው ጉልበት 30 ሄክታር ነቅሎ ተመላልሶ መልቀምም ይቻላል። ያን ጊዜ ክፍት የሚቀረው ከ23 እስከ 27 ሄክታር ነው። (ከሪፖርቱ ቁጥሮች ተነሥቶ የተሰላ፤ ገጽ 71 እና አባሪ 3።)

እንዴት ታወቀ፦ አጥኚዎቹ 24 ቦታዎችን ለሁለት ከፍለው ሁለቱን አሠራሮች ለ12 ሳምንት አነጻጽረዋል። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም።

ኮሚቴው ሊያየው የሚገባ፦ ተመላልሶ መልቀም ለ12 ሳምንት ሳይቋረጥ ሰው ይፈልጋል። ይህ ጊዜ ከአጨዳ ጋር ይጋጫል ወይ? ጥናቱ ይህን አላየም።»

የመጨረሻዋ አንቀጽ ለእኔ ትልቅ ናት። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚታጨደው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ እምቦጩም በሚሰፋበት ወራት ነው። ይህን የሚያውቁት አርሶ አደሮቹ ናቸው። ሪፖርቱ ያላየውን ነገር እንደ ጥያቄ ስታስቀምጡላቸው ስብሰባው የነሱ ይሆናል። ራሳችሁ ግምት ፈጥራችሁ ግን አትመልሱት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ሥዕል ይበቃል። እኔ ብሆን ሁለት አራት ማዕዘን እሥላለሁ። አንዱ 52 ሄክታር ተኩል፣ ሌላው 30። በእያንዳንዱ ውስጥ ክፍት የቀረውን ነጭ፣ የተሸፈነውን አረንጓዴ አደርጋለሁ። ስፋታቸው በልክ ይሁን። ከዚህ ሌላ ግራፍ አያስፈልግም።

7ኛ፦ ለአንድ ሰው ስጡና ዝም በሉ

ወረቀቱን ከኮሚቴው አባላት ጋር ለሚመሳሰል፣ ጥናቱን ለማያውቅ ሰው ስጡ። የቢሮ ባልደረባ አይሆንም፤ እሱ የናንተን ቋንቋ ለምዷል። የዚህን ምሳሌ ረቂቅ ያነበቡልኝ ጀልባ ማቆሚያው አካባቢ የማውቃቸው አዛውንት አስጋሪ ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ 20 ሄክታር የተነቀለው ነው የቀረው?» አሉኝ። እኔ «የቀረው 20 ሄክታር» ብዬ ነበር የጻፍኩት። የቀረው አረሙ ይሁን ባዶው ውኃ አይለይም። በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው አሁን «ክፍት ሆኖ የሚቀረው» የምለው።

ሲያነቡ አታስረዱ። ካስረዳችሁ የሚፈተነው ወረቀቱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ምን እንድታደርጉ ነው የሚለው?» እና «ይህ የማይሠራው መቼ ነው?» የመጀመሪያውን ከመለሱና ሁለተኛውን ካልመለሱ፣ ቅድመ ሁኔታው አልታያቸውም። ወደ 5ኛው ደረጃ ተመለሱ። ቁጥር ተሳስተው ከደገሙላችሁ ደግሞ ወደ 3ኛው።

ከዚያ ወረቀቱን ለዋናው አጥኚ ላኩ። «አስተያየት ስጡበት» ብላችሁ ከላካችሁ ያወጣችሁት ሁሉ ተመልሶ ይገባል፤ 2 ገጹ 6 ይሆናል። ጥያቄያችሁን አጥብቡት፦ «እዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር አለ? ስሌቱን ይቀበሉታል?» አጥኚው «ይህም ይግባ» ካሉ፣ ለየትኛው ውሳኔ እንደሚጠቅም አብራችሁ ተነጋገሩ። አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ፤ እናንተ ያላያችሁትን ያያሉ። ለምሳሌ የእኛ አጥኚ «ዘሩ ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ 12 ሳምንት መጨረሻ አይደለም» ቢሉ ተቀበሉ። ለሚቀጥለው ዓመት በጀት መያዝ አለበት ማለት ነውና ውሳኔውን ይነካል። በመልሱ አንቀጽ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «ይህ ሥራ በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ቦታ መቀጠል ይኖርበታል።» ቦታ ከጠበበ ከዘዴው አንዱን ዓረፍተ ነገር አውጡ።

ለስብሰባው ቀን ወረቀቱን በኮሚቴው አባላት ቁጥር አትሙ። ሙሉውን ሪፖርት ደግሞ አንድ ቅጂ ይዛችሁ ግቡ። ገጽ 71፣ ገጽ 118 እና አባሪ 3 ላይ ወረቀት ሰክታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።